ሙዚቃው ይጮኻል፣ ጥሪው ያንሾካሹካል

ስለ ስልክ ድምፅ የሚሰማው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ዘፈን ስከፍትበት ቤቱን ይሞላል፣ ሰው ሲደውልልኝ ላውድ ባደርገውም ግን ጆሮዬን ካላስጠጋሁ አይሰማኝም። ጠጋኙ «ስፒከሩ ደክሟል» ይላል፤ ስፒከሩ ይቀየራል፤ አዲሱም ከአሮጌው አይሻልም። ቅሬታው እውነት ነው፣ የሳተው ምርመራው ነው። ዘፈኑን ያስጮኸውና ጥሪውን ያሳነሰው ያው አንዱ ስፒከር ከሆነ፣ ጥፋቱን እዚያው ስፒከር ውስጥ መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነው። መታየት ያለበት ድምፁ ወደ ስፒከሩ የሚደርስበት መንገድ ነው። ያ መንገድ ደግሞ ለዘፈን፣ ለጥሪ እና ለድምፅ መልእክት የተለያየ ነው።

በመጀመሪያ ስፒከሮቹን እንለያቸው። ከስክሪኑ በላይ፣ በቀጭኗ ስንጥቅ ስር ያለው የጆሮ ስፒከር ነው። የሚበዛው 32 ኦም አካባቢ ሲሆን የሚችለው ኃይል ከጥቂት አሥር ሚሊዋት አይዘልም፤ ለዚህም የስልኩ የድምፅ ቺፕ ራሱ ይበቃዋል። ከታች፣ ከቻርጀር ቀዳዳው ጎን ያለው ትልቁ ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ 8 ወይም 4 ኦም ነው። እስከ አንድ ዋት ገደማ ይችላል፤ የራሱ አምፕሊፋየርም አለው። ይህ አምፕሊፋየር ባትሪው የሚሰጠውን 3.7 ቮልት ገደማ ከፍ አድርጎ ለስፒከሩ ያቀብላል። ከጀርባውም አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ የምትሆን የታሸገች የአየር ክፍል ተበጅታለታለች። በአንዳንድ ስልኮች፣ ከ2016ቱ አይፎን 7 ጀምሮም በአብዛኞቹ አይፎኖች፣ የላይኛው ስፒከር በሙዚቃ ጊዜ የታችኛውን ያግዛል። በእነዚህ ስልኮች ዘፈን ከላይም ከታችም ቢወጣ ችግር አይደለም፤ የጥሪ ድምፅ ግን በነባሪው አሠራር ወደ ጆሮ ብቻ ነው የሚሄደው።

በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው የኃይል ልዩነት ብዙ ይመስላል፤ ርቀት ግን ቶሎ ይበላዋል። ድምፅ ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ጆሮ ከስፒከሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ላይ እያለ የሚሰማው ድምፅ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ፣ 64 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሲቀመጥ ስድስት ጊዜ በእጥፍ ርቋል ማለት ነው። በድምሩ 36 ዴሲቤል ጠፋ። ይህን በኃይል ብቻ ለመመለስ አራት ሺህ እጥፍ ያስፈልጋል፤ ትልቁ ስፒከር ግን ከትንሹ የሚበልጠው በጥቂት አሥር እጥፍ ነው። ቀሪውን የሚያካክሰው የአሠራሩ ብልጫ እና የክፍሉ ግድግዳ የሚመልሰው ድምፅ ነው፤ ያም ሙሉ በሙሉ አይደርስም። ስለዚህ ላውድ ከጆሮ ጋር ሲወዳደር ማነሱ የሚጠበቅ ነው።

ዘፈኑ ግን ከዚያው ርቀት ይሰማል። ስለዚህ ርቀት ለብቻው መልስ አይሆንም።

መልሱ ያለው ማይክሮፎኑ ላይ ነው። ዘፈን ሲከፈት ማይክሮፎኑ ተዘግቷል፤ ስፒከሩ የፈለገውን ያህል ቢጮኽ የሚታዘበው የለም። በጥሪ ጊዜ ግን ማይክሮፎኑ ክፍት ነው፤ ያውም ከትልቁ ስፒከር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ርቆ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ የሚያወራ ሰው አፉ ከማይክሮፎኑ ግማሽ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ማይክሮፎኑ ከባለቤቱ ድምፅ ይልቅ ከስፒከሩ የወጣውን የሩቁን ሰው ድምፅ አብልጦ ይሰማል። ያንን እንዳለ ቢልከው፣ ሩቅ ያለው ሰው የራሱን ድምፅ ዘግይቶ ይሰማዋል። የሞባይል ኔትወርክ ድምፅን ከአንድ ወገን ወደ ሌላው ለማድረስ ከመቶ ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ደርሶ ሲመለስ ደግሞ እጥፍ። የራስን ድምፅ እንዲህ ዘግይቶ መስማት ለተናጋሪ ከባድ ነው፤ ሰው በመሃል ይንተባተባል ወይም ዝም ይላል።

ይህን የሚከላከለው ማሚቶ አጥፊ የሚባለው ሥርዓት ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ በ1960ዎቹ በአሜሪካ ቤል ላብስ የተሠራ ሲሆን ማን ሞሃን ሶንዲ በ1967 ራሱን ከሁኔታው ጋር የሚያስማማ ማሚቶ አጥፊ የሚያብራራ ጽሑፍ አሳትሟል። ያኔ የሚፈለገው ለረጅም ርቀት የስልክ መስመር ነበር፤ ዛሬ በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ ይሠራል። ስልኩ ወደ ስፒከሩ የላከውን ድምፅ ያውቀዋል። ያ ድምፅ በክፍሉ ዞሮ ማይክሮፎኑ ጋር ሲደርስ ምን እንደሚመስል ያሰላል፤ ከዚያም ማይክሮፎኑ ከሰማው ላይ ይቀንሰዋል። ስሌቱ በየቅጽበቱ ይታረማል፤ ስልኩ ከጠረጴዛ ወደ እጅ ሲነሣ ወይም በር ሲዘጋ የማሚቶው መንገድ ይለወጣልና።

ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሠራው ስፒከሩ የተላከለትን ድምፅ በታማኝነት ካወጣው ብቻ ነው። ትንሽ ስፒከር ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ በተላከው ውስጥ ያልነበሩ አዳዲስ ድምፆች ይጨመሩበታል። ሽፋኑ ሲነዝር በዙሪያው ያለው ፕላስቲክም አብሮ ይንቀጠቀጣል። እነዚህን ተጨማሪ ድምፆች ስልኩ ስላልላካቸው አያውቃቸውም፤ ስለማያውቃቸውም ሊቀንሳቸው አይችልም። ዘፈን ሲጫወት ትንሽ መሰንጠቅ ማንንም አያስቀይምም፤ በጥሪ ላይ ግን ያቺው የተሰነጠቀች ድምፅ ሩቅ ያለው ሰው ጆሮ ላይ ማሚቶ ሆና ትደርሳለች። መሐንዲሶቹ ስለዚህ የጥሪውን ጣሪያ ሆን ብለው ዝቅ ያደርጉታል። ስፒከሩ ገና ሳይሰነጠቅ እንዲቆም ይፈልጋሉ። እኔ የማየው የነገሩ ቁልፍ ይህ ነው፦ በጥሪ ጊዜ የድምፁ መጠን የሚወሰነው ለሰሚው ተብሎ ሳይሆን በሌላኛው ጫፍ ላለው ተናጋሪ ተብሎ ነው።

ሁለተኛ የጥበቃ መስመርም አለ። ከስሌቱ ያመለጠውን ቀሪ ማሚቶ ለማፈን ስልኩ አንዱን ወገን ለጊዜው ዝቅ ያደርጋል። ሩቁ ሰው ሲያወራ የእርስዎ ማይክሮፎን ይታፈናል፤ እርስዎ ሲናገሩ ደግሞ በአንዳንድ ስልኮች የስፒከሩ ድምፅ ይቀንሳል። ሁለቱ እኩል ሲናገሩ ቃል የሚቆረጠው በዚህ ነው። ክፍሉ ጫጫታ ካለበት፣ ቴሌቪዥን ከተከፈተ ወይም ልጆች ከሮጡ፣ ስልኩ ያንን የእርስዎ ንግግር ነው ብሎ ሊገምት ይችላል፤ የሚመጣውንም ድምፅ እየደጋገመ ያሳንሰዋል። ድምፁ የሚዋዥቅ፣ አንዴ ጎልቶ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ለንግግር ራሱም ድርሻ እንስጠው። ዘፈን ስቱዲዮ ውስጥ ሲጠናቀቅ ዝቅተኛው ከከፍተኛው ጋር ተቀራርቦ ስለሚጫን አማካዩ ሁልጊዜ ጣሪያው ሥር ነው። ንግግር ግን ከፍ ዝቅ ይላል፤ በመሃልም ባዶ አለው። በድሮው መደበኛ ጥሪ ላይ ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ያለው ብቻ ነው የሚያልፈው፤ ወፍራሙም ቀጭኑም የድምፅ ክፍል ተቆርጦ ቀርቷል። በ4ጂ የሚሄደው የጠራ ጥሪ እስከ 7,000 ሄርዝ ስለሚያደርስ፣ ያው ስልክ፣ በዚያው የድምፅ መጠን፣ ይበልጥ የሚሰማ ይመስላል። ልዩነቱ የጩኸት ሳይሆን የቃላቱ ጥራት ነው።

አምፕሊፋየሩም የራሱን ጥበቃ ያደርጋል። የዘመኑ አምፕሊፋየሮች ወደ ስፒከሩ የሚሄደውን ቮልቴጅና ከረንት በየቅጽበቱ እየለኩ የሽቦ ጥቅሉ ምን ያህል እንደሞቀ፣ ሽፋኑም ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ያሰላሉ፤ ከወሰኑ ሲጠጋ ድምፁን ይቀንሳሉ። ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ ስልኩ በድንገት እንዳይጠፋ ከባትሪው የሚስቡትን ኃይል ያሳንሳሉ። አሥር በመቶ ላይ ያለ፣ በተለይም ያረጀ ባትሪ ያለው ስልክ ድምፁ ቢለሰልስ ስፒከሩ አልተበላሸም፤ ቻርጅ አድርጎ ደግሞ ማድመጥ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። አንድሮይድ ድምፅን የሚመራው በዓይነቱ ነው፤ ጥሪ፣ ሙዚቃ፣ የጥሪ ደወል፣ ማንቂያ እያለ ይለየዋል። ለሙዚቃ ነባሪው መውጫ ትልቁ ስፒከር ነው። ለጥሪ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ ወይም ብሉቱዝ ካለ ወደዚያ ይልከዋል፤ ከሌለ ወደ ጆሮ ስፒከር። ላውድ የሚለውን ምልክት መጫን ይህን ቅደም ተከተል መሻር ነው። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም የሚደረግ ጥሪም በዚሁ በጥሪ ምድብ ውስጥ ይገባል። በአይፎንም እንዲሁ ነው፤ አንድ አፕ «እጫወታለሁም እቀዳለሁም» ብሎ ሲመዘገብ ነባሪው መውጫ የጆሮ ስፒከር ይሆናል፤ ትልቁን ስፒከር ከፈለገ በተለይ መጠየቅ አለበት። ያንን የረሳ አፕ ድምፁን ከላይ፣ በቀጭኑ፣ ያወጣዋል፤ ተጠቃሚው ግን «ስልኬ ድምፅ ቀነሰ» ይላል።

እያንዳንዱ መውጫ የራሱን የድምፅ መጠን ለብቻው ያስታውሳል፤ ይህን ስልክ ሻጭ እንኳን ሲናገር አልሰማሁም። ስልኩ ጆሮ ላይ እያለ እስከ መጨረሻ የተጨመረ ድምፅ ለላውድ አይሠራም፤ ላውድ የሚጨመረው ላውድ በርቶ እያለ፣ በጥሪው መሃል ብቻ ነው። ኮምፒዩተር ያለው ሰው ይህን በዓይኑ ማየት ይችላል፦

```
adb shell dumpsys audio | grep -A 8 "STREAM_VOICE_CALL:"
```

ከሚወጣው ጽሑፍ መሃል የሚከተለውን የመሰለ ይገኛል፦

```
Min: 1
Max: 5
Current: 1 (earpiece): 5, 2 (speaker): 2
```

በዚህ ምሳሌ ጆሮው ጣሪያ ላይ ነው፣ ላውዱ ግን ከአምስት ደረጃ ሁለተኛው ላይ ቀርቷል። ጥሪ ወደ ዜሮ እንደማይወርድም ያሳያል። የደረጃው ብዛት ከስልክ ስልክ ይለያያል፤ አምስት የአንድሮይድ መነሻ ቁጥር ነው። ሙዚቃ በዚያው መነሻ 15 ደረጃ ስላለው፣ በጥሪ ላይ አንድ ጊዜ መጫን በሙዚቃ ላይ ብዙ ጊዜ የመጫንን ያህል ይዘላል።

«ድምፅ ጨማሪ» የሚባሉት አፖች በመደበኛ የሞባይል ጥሪ ላይ የማይሠሩትም በዚሁ የመንገድ ጉዳይ ነው። በብዙ ስልኮች የጥሪው ድምፅ ከሞደሙ ወጥቶ በድምፅ ቺፑ በኩል በቀጥታ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል፤ አንድሮይድ የሚያስተላልፈው «ደረጃው ይህ ነው» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። ያ ደረጃ ስንት ዴሲቤል እንደሚሆን አምራቹ አስቀድሞ በሰንጠረዥ ወስኖታል። አፑ ድምፁን ስለማያገኘው ሊያጎላው አይችልም። በዘፈን ላይ ይሠራል፤ ሠርቶም ስፒከሩን ያሰነጥቃል።

የቅርበት ሴንሰሩ ከዚህ ሁሉ ውጭ ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው ያሳሳታል። ከጆሮ ስፒከሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ መብራት በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ጨረር ትረጫለች፤ አጠገቧ ያለው ተቀባይ ተመልሶ የሚመጣውን ይለካል። ጉንጭ ሲጠጋ የሚመለሰው ይበዛል፤ ከወሰኑ ሲያልፍ ስልኩ «ቅርብ» ይላል። ብዙ ሴንሰሮች ርቀቱን በቁጥር አያውቁትም፤ የሚናገሩት ቅርብ ወይም ሩቅ የሚል ብቻ ነው። በመደበኛ ጥሪ ላይ ሴንሰሩ የሚነካው ስክሪኑን ነው፤ ጉንጭ ምልክቶቹን እንዳይጫን ያጠፋዋል። የድምፁን መውጫ አይቀይርም። ላውድ ሲበራም የስልክ አፑ ሴንሰሩን ይተወዋል፤ ስክሪኑ በርቶ ይቆያል።

የድምፅ መልእክት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዋትስአፕና ቴሌግራም የተላከን ድምፅ በትልቁ ስፒከር ያጫውታሉ፤ ስልኩ ወደ ጆሮ ሲጠጋ ደግሞ ራሳቸው ሴንሰሩን ጠይቀው ድምፁን ወደ ጆሮ ስፒከር ያዞሩታል። መልካም ሐሳብ ነው፤ ሴንሰሩ በትክክል ካየ። ርካሽ የስክሪን መስታወት በሴንሰሩ ላይ ሲለጠፍ፣ ቅባት ሲከማች፣ ወይም ስክሪን ሲቀየር በመብራቷና በተቀባዩ መካከል ያለችው ጎማ በቦታዋ ካልተመለሰች፣ ጨረሩ ከውስጥ መስታወቱ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ስልኩ ማንም ሳይኖር «ቅርብ» ይላል። ምልክቱ የማያሻማ ነው፦ መልእክቱ ጎልቶ ይጀምርና ወዲያው ይሰልላል፤ ስክሪኑም ይጠቁራል። በተቃራኒው ጥቁር ፀጉር ኢንፍራሬድን ስለሚውጥ ሴንሰሩ ጉንጩን ሳያይ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ስክሪኑ አይጠፋም፣ ጆሮም ላውዱን ወይም ማቋረጫውን ይጫናል። አንዳንድ አምራቾች ጨረሩን ትተው ጆሮ የማይሰማው በጣም ቀጭን ድምፅ እየረጩ በማሚቶው ይለካሉ፤ የሻዎሚ ሚ ሚክስ በ2016 በዚህ መንገድ መጥቷል።

ሦስቱ መንገዶች አንድ ስልክ ላይ ሲገናኙ እንዲህ ይሆናል። ደሴ ላሉ እናት ልጃቸው ከሪያድ ትደውላለች። ቤተሰቡ ሁሉ እንዲሰማ ስልኩ ላውድ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። «እማዬ፣ አትሰሚኝም እንዴ?» ትላለች ልጅ፤ እናትም «ልጄ፣ ድምፅሽ ከጉድጓድ ነው የሚመጣው» ይላሉ። በመጀመሪያ በሙሉ ድምፅ መዝሙር ይከፈትበታል፤ ሳይሰነጠቅ ከጮኸ ትልቁ ስፒከርና ቀዳዳውን የሸፈነው መረብ ደህና ናቸው። ሁለተኛ፣ በጥሪው መሃል ላውድ በርቶ እያለ የድምፅ ቁልፉ ይጨመራል። እናት እስከ ዛሬ የጨመሩት ስልኩን ጆሮአቸው ላይ አድርገው ስለሆነ የላውዱ መጠን ግማሽ ላይ ቆሞ ይገኛል፤ ሲሞላ የልጅቷ ድምፅ ይሰማል፣ ከመዝሙሩ ግን ያንሳል። ሦስተኛ፣ ትናንት የላከችው የድምፅ መልእክት ይከፈታል። ጎልቶ ጀምሮ ከጠፋ የላይኛው የስክሪን ጠርዝ ይጠረጋል፤ ካልተሻለ የተለጠፈው መስታወት ይነሣል። ስልኩ ሳምሰንግ ከሆነ `*#0*#` ሲደወልበት በብዙ ሞዴሎች ላይ የመፈተሻ ገጽ ይከፍታል፤ `Receiver` የጆሮውን፣ `Speaker` ትልቁን፣ `Sensor` ደግሞ ሴንሰሩን ለየብቻ ያሳያሉ። እጅን ማስጠጋትና ማራቅ ነው፤ እጅ ሳይኖር ሁልጊዜ ቅርብ የሚል ሴንሰር ታውሯል።

መዝሙሩም ቢሆን ካነሰ ያኔ ወደ ስፒከሩ ይኬዳል፤ ግን ከመቀየሩ በፊት ወደ መረቡ። በስፒከሩ ውስጥ ማግኔት ስላለ የብረት ብናኝ ይስባል፤ የኪስ ጥራጊና አቧራ ተጨምሮበት ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ደረቅ፣ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። መርፌ ሽፋኑን ይበሳል፤ በአፍ መንፋት እርጥበት ያስገባል፤ ቲነር የመረቡን ሙጫ ይለቃል። የላይኛዋ ስንጥቅ ደግሞ የምትደፈነው በጆሮ ሰምና በፊት ቅባት ነው። ስልኩ በሻሽ ላይ ከተደረገም ትንሿ ስፒከር ለተጠጋ ጆሮ የተሠራች ስለሆነች ድምፁ በዳር ይፈስባታል።

ሁሉም ተፈትሾ የሚቀረው ልዩነት የማሚቶው ዋጋ ነው፤ በጥገና አይመለስም። ስልኩን ጨርቅ ላይ ሳይሆን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ የታችኛው ጠርዙ ወደ ሰሚው ዞሮ ማስቀመጥ ይረዳል፤ ቴሌቪዥን መዝጋት ከዚያ በላይ ይረዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሌላኛው ጫፍ ነው ያለው። ልጅቷም ላውድ አድርጋ ከሆነ ሁለት ማሚቶ አፋኞች ፊት ለፊት ቆመው እየተፈራረቁ ድምፅ ይቆርጣሉ፤ እሷ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ካደረገች ወይም የጆሮ ማዳመጫ ከሰካች በእሷ በኩል የሚታፈን ነገር አይኖርም፤ ደሴ ያለውም ላውድ የሚጠብቀው የራሱን ማሚቶ ብቻ ይሆናል።